ፎጣው የት ይሰቀል?

ቤት ሲሠራ ወይም ሲታደስ ለመታጠቢያ ቤቱ የተያዘው ገንዘብና ሐሳብ በአብዛኛው ሴራሚኩ ላይ ያልቃል። ቀጥሎ ቦይለሩ፣ መቀመጫውና የእጅ መታጠቢያው ይመጣሉ። ፎጣ መስቀያው፣ የሳሙና ማስቀመጫው፣ የሶፍት መያዣውና መንጠቆዎቹ ግን በአንድ ካርቶን ተጠቅልለው የሚገዙት መጨረሻ ላይ ነው። ሠራተኛው ሥራውን አስረክቦ ለመሄድ ቸኩሏል፤ ትራፓኖውን ይዞ «የት ልምታው?» ይላል። ባለቤቱ ዞር ዞር ብሎ ያይና ባዶ ያገኘውን ግድግዳ ይጠቁማል። ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ሁሉም ነገር ተገጥሞ ያልቃል፤ ሴራሚክ አንዴ ከተበሳ ደግሞ ቀዳዳውን መልሶ የሚደፍነው የለም።

የችግሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው። በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ባዶ ሆኖ የሚገኘው ግድግዳ ብዙ ጊዜ ከሻወሩ ፊት ለፊት ያለው ነው። ባዶ የሆነውም ውሃ ስለሚመታው ሌላ ዕቃ ሳይቀመጥበት ቀርቶ ነው። ፎጣው እዚያ ሲሰቀል ሰውየው ታጥቦ ሳይጨርስ ፎጣው ቀድሞት ይርሳል። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የትኛው ግድግዳ ባዶ እንደሆነ ሳይሆን የትኛው ግድግዳ ደረቅ እንደሆነ ነው። ከደረቁ ግድግዳ ላይ እጅ የሚደርስበትን ቦታ መምረጥ ሁለተኛው ሥራ ነው።

ግድግዳውን ከመለካታችን በፊት ስለ ፎጣው ራሱ ጥቂት እንበል። የተለመደው የገላ ፎጣ 70 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 140 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው። መካከለኛ ውፍረት ያለው ሲደርቅ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ገላ አድርቆ ሲወጣ ደግሞ ውሃ ተሸክሞ ነው። ያ ውሃ የሚወጣበት መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ አየር በፎጣው ገጽ ላይ እያለፈ ይወስደዋል። ፎጣው በመንጠቆ ላይ በአንድ ነጥብ ሲንጠለጠል ጨርቁ በራሱ ላይ ይሰበሰብና አራት አምስት እጥፋት ይሠራል። ውጪው ይደርቃል፣ መሃሉ ግን አየር አያገኘውም። ቋንጣ የሚሰቅል ሰው ዝልዝሉ እርስ በርሱ እንዳይነካካ የሚጠነቀቀው በዚሁ ምክንያት ነው። በዘንግ ላይ በሙሉ ስፋቱ ተዘርግቶ አንዴ ብቻ የታጠፈ ፎጣ ከመንጠቆው ፎጣ በጣም ቀድሞ ይደርቃል።

ፎጣዎ ሳይደርቅ እየዋለ መሆኑን ማወቅ ከፈለጉ ጫፉን አይንኩ፤ ጫፉ ሁልጊዜ ቀድሞ ይደርቃል። ጠዋት ከተጠቀሙበት ማታ እጅዎን በእጥፋቶቹ መሃል ያስገቡና ይዳብሱት። ቀዝቀዝ ካለዎት ውሃው ገና አለ ማለት ነው። ታጥቦ ከተሰጣ ገና ሁለት ቀኑ ሆኖ ሳለ ፊት ላይ ሲያስጠጉት የሚሸትት ፎጣም ብዙ ጊዜ ነገሩ ከሳሙናው አይደለም። ሽታው እርጥብ ጨርቅ ውስጥ የሚራቡ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚፈጥሩት ነው፤ እነሱም የሚራቡት ፎጣው ከአንዱ መታጠብ እስከ ሌላው መታጠብ ድረስ ሳይደርቅ ሲቆይ ነው። አዲስ አበባ ላይ በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ መጥፎ ቦታ የተሰቀለ ፎጣም እንደምንም ይደርቃል። ክረምት ሲገባ፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ የቦታው ስሕተት በሽታው ራሱን ያጋልጣል።

ወደ ግድግዳው እንመለስ። ደረቁን ቦታ ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አንድ የሚታጠብ ሰውና አንድ ጥቅል የወረቀት ፕላስተር ነው። ግድግዳው ደርቆ ባለበት ሰዓት አንድ ሰው እንደ ወትሮው ሻወር ይውሰድ። ውሃውን ከፍቶ ብቻ ማየት አይጠቅምም፤ ሻወሩ ሰው ከሌለበት ውሃው ቀጥ ብሎ ወለሉ ላይ ይወርዳል። ግድግዳውን የሚያረጥበው ከትከሻና ከክንድ እየተነጠረ የሚረጨው ነው። ሰውየው እንደጨረሰ ወዲያው ገብተው ጠብታው የደረሰበትን የመጨረሻ መስመር በግድግዳው ላይ በፕላስተር ይለጥፉበት። ሴራሚኩ ነጭ ሆኖ ጠብታው ካልታየ የስልክ መብራት ከጎን ያብሩበት። ሁለት መስመር ያገኛሉ፤ አንዱ ከላይ እስከ ታች በውሃ የታጠበው ክፍል የሚያልቅበት ነው፤ ሌላው ከወለል እየነጠረ በጉልበት ከፍታ ላይ የሚረጨው የሚያልቅበት ነው። ይኸኛው ሁልጊዜ ከመጀመሪያው አልፎ ይሄዳል፤ ፎጣ ጫፉ ለምን እንደሚቆሽሽ የሚያስረዳውም እሱ ነው።

አሁን አንድ ክፍል ወስደን እስከ መጨረሻው እንሥራው። ስፋቱ 1.20 ሜትር፣ ርዝመቱ 2.10 ሜትር ነው እንበል፤ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የኖረ ሰው የዚህን ዓይነቱን ጥበት ያውቀዋል። በሩ በጠባቡ ግድግዳ ላይ ነው። ሲገቡ በግራ ግድግዳ በኩል መጀመሪያ የእጅ መታጠቢያው፣ ቀጥሎ መቀመጫው፣ መጨረሻ ላይ ሻወሩ ተደርድረዋል፤ ቧንቧው ሁሉ በአንድ ግድግዳ እንዲሄድ ተብሎ እንዲህ ይሠራል። ከመቀመጫው በላይ ቦይለር ተሰቅሏል። በሩ ፊት ለፊት፣ መጨረሻው ግድግዳ ላይ፣ ከፍ ብላ አንዲት ትንሽ መስኮት አለች። የቀኙ ግድግዳ ከጫፍ እስከ ጫፍ ባዶ ነው። በዚህ ቤት አባት፣ እናትና ሁለት ልጆች ይኖራሉ።

ሠራተኛው «የት ልምታው?» ሲል እጃችን በቀጥታ የሚጠቁመው ወደዚያ ባዶ የቀኝ ግድግዳ፣ ከሻወሩ ፊት ለፊት ነው። የውሃው ፈተና ግን ሌላ ይናገራል። የሻወሩ አፍ ከግራው ግድግዳ ወጥቶ ወደ ቀኝ ነው የሚረጨው። ከመስኮቱ ጥግ ጀምሮ አንድ ሜትር ያህሉ የቀኝ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ረጥቧል። ከጉልበት በታች ያለው መርጨት ደግሞ እስከ 1.35 ሜትር ደርሷል። ከ2.10 ሜትር ላይ ይህን ስንቀንስ በእርግጥ ደረቅ የሆነው በበሩ አጠገብ ያለው 75 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ሁለት ሜትር ባዶ ግድግዳ አለን ብለን የነበርነው ሰዎች የቀረችን ከአንድ ክንድ ብዙ የማትበልጥ ቦታ ናት።

እሷም ብትሆን ሌላ ጉዳይ አለባት። በሩ ወደ ውስጥ ይከፈታል፤ ማጠፊያው ደግሞ በቀኝ በኩል ነው። የ70 ሳንቲ ሜትሩ በር ሲከፈት ሄዶ የሚጠጋው በዚያችው በ75 ሳንቲ ሜትሯ ደረቅ ግድግዳ ላይ ነው። እዚያ 60 ሳንቲ ሜትር ዘንግ ብንሰቅል ልኩ ልክ ይሆናል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ግን ፎጣው በበሩና በግድግዳው መካከል ይታፈናል፤ እጀታውም እየመጣ ይጫነዋል። ከታጠቡ በኋላ በሩን ከፍቶ መተው ለክፍሉ ጥሩ ነው፤ ለዚህኛው ፎጣ ግን አየሩን መዝጋት ነው። በወረቀት ላይ ደረቅ የሚመስለው ቦታ በተግባር እንዲህ ሲያታልል ብዙ ጊዜ ይታያል። ስለዚህ የውሃው ፈተና ካለቀ በኋላ በሩን እስከ መጨረሻው ከፍተው ከጀርባው ምን ያህል ክፍተት እንደሚቀር በሜትር ይለኩ።

እዚህ ጋ ሒሳቡን ደፈር ብሎ መሥራት ይሻላል። አራት ሰዎች አራት የገላ ፎጣ አላቸው። እያንዳንዱ በሙሉ ስፋቱ ቢዘረጋ አራት ጊዜ 70፣ ማለትም 2.80 ሜትር ዘንግ ይጠይቃል። ያለን 75 ሳንቲ ሜትር ነው። በዚህ ክፍል ውስጥ አራት ፎጣ ማድረቅ አይቻልም፤ የትኛውም ውድ መስቀያ ይህን አይለውጠውም። አንዱን ፎጣ በሌላው ላይ ደርቦ መስቀል መፍትሔ የሚመስለው ሁለቱም እስኪሸትቱ ድረስ ነው።

መፍትሔው ሁለት ሥራዎችን መለየት ነው። ፎጣ ሰው እስኪታጠብ የሚጠብቅበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ከዚያ ደግሞ የሚደርቅበት ቦታ ያስፈልገዋል። ሁለቱ አንድ ቦታ መሆን አለባቸው ያለ የለም። ለመጠበቂያ መንጠቆ ከበቂ በላይ ነው፤ ደረቅ ፎጣ ለሩብ ሰዓት ተሰብስቦ ቢንጠለጠል ምንም አይሆንም። ስለዚህ በእኛ ክፍል ከበሩ ጀርባ ባለችው ደረቅ ግድግዳ ላይ ዘንጉን ትተን መንጠቆ እንሰቅላለን። ሰው ሲታጠብ በሩ ዝግ ስለሆነ ግድግዳው ክፍት ነው፤ ፎጣውም ልብሱም እዚያ ይውላል። መንጠቆዎቹ በ20 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ለአዋቂዎች በ1.70 ሜትር፣ ለልጆቹ በ1.10 ሜትር ከፍታ ይሁኑ። ልጅ የማይደርስበት መንጠቆ ፎጣውን ወለል ላይ ያገኙታል ማለት ነው፤ ተቆጥቶ ከማስተማር ዝቅ አድርጎ መስቀል ይቀላል። ታጥበው የሚወጡበት ቦታና መንጠቆው ከተራራቀ ደግሞ ከሚታጠበው ሰው ቀጥሎ የሚገባው እርጥብ ወለል ላይ ይራመዳል፤ ከሻወሩ ድንበር አንድ እርምጃ ከክንድ ጋር ሲደመር እንዲደርስ ያድርጉት። እዚህ ክፍል ውስጥ ይደርሳል።

ማድረቂያው ከመታጠቢያ ቤቱ ይወጣል። በረንዳ ላይ ሦስት ሜትር የልብስ ማስጫ ገመድ ካለ አራቱም ፎጣዎች ተዘርግተው ይገቡበታል። ለክረምቱና በረንዳ ለሌለው ቤት በመኝታ ቤት ወይም በመተላለፊያው ግድግዳ ላይ ዘንግ መስቀል ይቻላል፤ አንዱ ከአንዱ በላይ ከሆነ ታችኛው በ95 ሳንቲ ሜትር፣ ላይኛው በ1.75 ሜትር ይሁን። ለሁለት የታጠፈ ፎጣ 70 ሳንቲ ሜትር ስለሚወርድ የላይኛው ጫፍ የታችኛውን ሳይነካ አሥር ሳንቲ ሜትር ይተርፈዋል። ዘንጉ 75 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ቢኖረው ይመረጣል፤ በካርቶን የሚመጣው ብዙ ጊዜ 60 ስለሆነ 70ው ፎጣ ጫፉ ይታጠፋል። ከግድግዳው ደግሞ ቢያንስ ሰባት ሳንቲ ሜትር ፈቀቅ ያለ ይሁን፤ ወደ ግድግዳው የተለጠፈ ዘንግ ከኋላ አየር አያሳልፍም፤ ቀለሙንም ያበላሻል። «ፎጣ መኝታ ቤት ውስጥ?» የሚል እንግዳ ሊኖር ይችላል። እኔ በበኩሌ የሚሸት ፎጣ ለእንግዳ ከመስጠት ይህን ጥያቄ መመለስ ይቀለኛል።

ሰፋ ያለ መታጠቢያ ቤት ያለው ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ደረቁ ግድግዳው ሜትር ተኩል ከሆነና በሩ የማይሸፍነው ከሆነ ዘንጉን እዚያው በ1.20 ወይም በ1.30 ሜትር ከፍታ ይስቀል። የፎጣው ጫፍ ከወለሉ ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ ስለሚቀር ከታች የሚነጥረው ውሃ አያገኘውም። መስኮቱና በሩ ተከፍተው አየሩ በሚያልፍበት መስመር ላይ ቢሆን፣ ከጥግ ይልቅ፣ የበለጠ ይደርቃል። የቦይለር ቧንቧ ላይ ፎጣ ማንጠልጠል ግን ይቅር፤ ቧንቧው ፎጣ ለመሸከም አልተገጠመም፤ ቦይለሩ ውሃ ሲያሞቅ ከደኅንነት ቫልቩ የሚንጠባጠበው ውሃም ፎጣው ላይ ነው የሚያርፈው። ከዚያ በላይ ደግሞ አጠገቡ የኤሌክትሪክ ገመድ አለ።

የእጅ ፎጣው ቀላል ነው። በእኛ ክፍል ከበሩ በስተግራ፣ ከእጅ መታጠቢያው ጎን፣ በጠባቡ ግድግዳ ላይ 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ ትተርፋለች፤ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነች አጭር ዘንግ እዚያ ትገባለች። ዋናው ነገር ፎጣው ከመታጠቢያው ጎን እንጂ በላዩ እንዳይሆን ነው። ሶፍቱ ደግሞ ከመቀመጫው ጎን፣ ከሻወሩ በተቃራኒ በኩል፣ ከወለል 70 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ክዳን ባለው መያዣ ይሁን።

አሁን ወደ እርጥቡ ክፍል እንግባ። ሳሙና፣ ሻምፑና መፋቂያ እዚያው ሻወር ውስጥ መሆን አለባቸው፤ እንዳይረጥቡ ማድረግ አይቻልም። የሚቻለው ውሃ እንዳይቋጥሩ ማድረግ ነው። ቦታውን ለመምረጥ አንድ ቀላል እውነት ይረዳል፤ ሻወሩ የተተከለበት ግድግዳ ከሁሉም ግድግዳዎች ያነሰ ውሃ ይመታዋል፤ ውሃው ከእሱ ወጥቶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ በእኛ ክፍል የግራው ግድግዳና የመስኮቱ ግድግዳ የሚገናኙበት ጥግ ለመደርደሪያ ተስማሚ ነው። የሻወሩ ቧንቧ ከጥጉ 40 ሳንቲ ሜትር ርቆ ከሆነ የወጣው፣ ጎኑ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ባለ ሦስት ማዕዘን መደርደሪያ ቧንቧውን ሳይነካ እዚያ ይገባል። አንዱ በ1.10 ሜትር፣ ሌላው ከሱ 35 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሁን፤ ረጅሙ የሻምፑ ጠርሙስ እንዲቆም ይህን ያህል ክፍተት ይበቃዋል።

ጠፍጣፋ መደርደሪያ ከሆነ፣ እብነ በረድም ሆነ መስታወት፣ ወደ ሻወሩ በኩል ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ዘንበል ብሎ መተከል አለበት። ሠራተኛው ውሃ ልኩን አስቀምጦ አረፋው መሃል ላይ ካረፈ ለሌላ መደርደሪያ ጎበዝ ነው፤ ለዚህኛው ግን ተሳስቷል። ቀዳዳ ያለው የሽቦ ወይም የስቴንለስ መደርደሪያ ይህን ችግር አያውቅም፤ ለቁራሽ ሳሙናም ከሁሉም የሚሻለው እሱ ነው። ሳሙና ከሥሩ አየር ካላገኘ ይሟሟል፤ የተሟሟው ሳሙና ደግሞ ፉጋው ላይ እየወረደ የሚያጠቁረውን ሻጋታ ይመግባል። ውሃ ስለሚጠፋ በርሜል ሻወር ውስጥ የሚያስቀምጥ ቤት ብዙ ነው፤ የበርሜሉ ክዳን የሳሙና ማስቀመጫ ይሆንና ክዳኑ በተነሣ ቁጥር የሳሙናው ሙሽሽ ወደ ውሃው ይገባል። ለጆጉም ቢሆን በርሜሉ አጠገብ አንድ መንጠቆ ሰጥቶ ተደፍቶ እንዲንጠለጠል ማድረግ ንጽሕናው ሌላ ነው።

በቅርብ ጊዜ በሚሠሩ ቤቶች ሰዎች የሚወዱት ግድግዳው ውስጥ ተቦርቡሮ የሚሠራውን መደርደሪያ ነው። ነገሩ ለእኛ አገር አዲስ አይደለም፤ የሐረር የጥንት ቤቶች ግድግዳ ዕቃ በሚቀመጥባቸው እንዲህ ባሉ ቦታዎች የታወቀ ነው። ልዩነቱ የሐረሩ ደረቅ ሳሎን ውስጥ መሆኑ ነው፤ የእኛው ውሃ ውስጥ ነው። በደንብ ሲሠራ ቦታ አይወስድም፣ ክርን አይመታም፣ ከግድግዳው ጋር አንድ ይሆናል። በደንብ ካልተሠራ ደግሞ ውሃን ወደ ግድግዳው ሆድ የሚያስገባ በር ነው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ግድግዳው ይችላል ወይ ነው። ኮለንና ቢም በምንም ዓይነት አይነካም፤ ሕንፃውን የተሸከሙት እነሱ ናቸው። የብሎኬት ግድግዳ ብሎኬቱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ፊት ለፊቱ ያለውን ቅርፊት ቆርጦ ዘጠኝ ወይም አሥር ሳንቲ ሜትር መግባት ይቻላል፤ ያም 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት ላይ ነው። 15 ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የቀረችው የጀርባ ቅርፊት ቀጭን ናት። 10 ሳንቲ ሜትር በሆነው ክፍልፋይ ላይ ግን የሚቦረቦረው መደርደሪያ አይሆንም፤ መስኮት ይሆናል። በእኛ ክፍል የመስኮቱ ግድግዳ የውጭ ስለሆነ ዝናብ ከኋላ ይመታዋል፣ የግራው ቧንቧ ተሸክሟል፣ የቀኙ የመኝታ ቤት ክፍልፋይ ነው። ስለዚህ እዚህ ክፍል ውስጥ መቦርቦሩን ተወት አድርጌ የጥጉን መደርደሪያ ነው የምመርጠው።

ገና እየገነባ ያለ ሰው ግን ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ይወስን፤ ስፋቱንና ቁመቱን ከሴራሚኩ ልክ ጋር ያስማማ። ወለሉ ከ1.10 እስከ 1.20 ሜትር፣ ቁመቱ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ሥራው ላይ ቆሞ መመልከት የሚገባው ሦስት ነገር ነው። የውሃ መከላከያው ሴራሚኩ ከመግባቱ በፊት ከኋላውም፣ ከጎኖቹም፣ ከላይም ከታችም አምስቱንም ገጽ ሸፍኖ ከፊት ካለው ግድግዳ መከላከያ ጋር ሳይቋረጥ መገናኘት አለበት፤ ሴራሚክና ፉጋ ብቻቸውን ውሃ አያቆሙም። የታችኛው ገጽ አንድ ወጥ እብነ በረድ ወይም አንድ ወጥ ሴራሚክ ሆኖ ከኋላ ወደ ፊት አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ይውረድ። የውስጥ ጥጎቹ ደግሞ በፉጋ ፈንታ በሲሊኮን ይሞሉ፤ ሁለት ገጽ የሚገናኝበት ቦታ ትንሽ ትንሽ ስለሚንቀሳቀስ ፉጋው ይሰነጠቃል።

መከላከያው ሳይሠራ ቀርቶ እንደሆነ ወሬው የሚመጣው ከሌላው ክፍል ነው። ከመደርደሪያው ጀርባ ባለው መኝታ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከወገብ ከፍ ባለ ቦታ፣ ቀለሙ ያብጥና ይላጣል፤ ነጭ የጨው ዱቄት ይወጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ የቧንቧ ፍሳሽ ነው ብሎ ግድግዳ ያስቆፍራል። ከማስቆፈርዎ በፊት ለሁለት ሳምንት ያህል በዚያ ሻወር አይታጠቡ፤ የቧንቧው ውሃ ግን እንደተከፈተ ይቆይ። እርጥበቱ ከቀነሰ ቧንቧው ንጹሕ ነው፤ ውሃው የገባው ከመደርደሪያው ወይም ከሴራሚኩ ነው። ካልቀነሰ የቧንቧ ሠራተኛ ይጥሩ።

ወደ ገበያው ስንሄድ ዐይን የሚስበው ማብረቅረቁ ነው፤ ሁሉም ግን አዲስ ሲሆን ያብረቀርቃል። ትንሽ ማግኔት ይዘው ይሂዱ። በጥብቅ የሚስበው ብዙ ጊዜ ከላይ የተቀባ ብረት ነው፤ ቅቡ በተጫረበት ቦታ ይዝጋል። የማይስበው ስቴንለስ፣ ነሐስ ወይም አሉሚኒየም ሊሆን ይችላል፤ ርካሽ የዚንክ ቅልቅልንም ማግኔት ስለማይስበው ማግኔቱ ብረቱን ብቻ ነው የሚለይልዎ። በተጨማሪ በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ብሎን በማግኔቱ ይሞክሩት። መስቀያው ደኅና ሆኖ ብሎኑ ተራ ብረት ሲሆን ከአንድ ክረምት በኋላ ቡናማ እንባ ሴራሚኩ ላይ መውረድ ይጀምራል። የስቴንለስ ብሎን ለብቻው መግዛት ዋጋው ትንሽ ነው።

ሲበሳ ደግሞ ሠራተኛው የሴራሚክ ፑንታ ይጠቀም፤ ፑንታው እንዳይንሸራተት ቦታው ላይ ፕላስተር ይለጥፍ፤ ትራፓኖውም ሴራሚኩን እስኪያልፍ በዝግታ፣ ያለ መዶሻ ምት ይዙር። ብሎኬቱም ላይ ቢሆን መዶሻው ባይበራ ይሻላል፤ ከኋላ ያለውን ቅርፊት ይሰብረዋል፤ ከዚያ ፊሸሩ የሚይዘው አጥቶ እዚያው ይዞራል። ለባዶ ብሎኬት ከኋላ ተጠቅልሎ የሚቆልፈውን ዓይነት ረጅም ፊሸር ይጠይቁ። ፊሸሩ ሴራሚኩን አልፎ ይግባ፤ ሴራሚኩ ውስጥ እያለ ከተጠበቀ ሲያብጥ ይሰነጥቀዋል። ከሻወሩ፣ ከእጅ መታጠቢያውና ከቦይለሩ ቧንቧ መውጫ ቀጥታ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን ባለው መስመር አይበሳ፤ ቧንቧ ብዙ ጊዜ የሚሄደው በዚያ ነው። ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት የግድግዳውን ፎቶ ያነሣ ሰው ከዚህ ግምት ያርፋል። ተከራይ ሆነው መብሳት ካልተፈቀደልዎ የሚለጠፈው መንጠቆ ለአንድ ፎጣ ይሆናል፤ ሴራሚኩ ለስላሳ መሆን አለበት፤ በአልኮል ተወልውሎ ከተለጠፈ በኋላም አንድ ሙሉ ቀን ሳይሰቀልበት ይቆይ።

በመጨረሻ አንድ ነገር ላሳስብ። በዚህ ጽሑፍ የተነገረው መስቀያ ሁሉ የተሠራው ለፎጣ ነው፤ ሰው ሲያዳልጠው ግን እጁ የሚይዘው ቅርቡን ዘንግ ነው፤ ያ ዘንግ የሰው ክብደት አይችልም፤ ተነቅሎ አብሮ ይወድቃል። በቤትዎ እናት፣ አባት ወይም ጉልበቱ የደከመ ሰው ካለ ፎጣ መስቀያውን ከሻወሩ መውጫ ራቅ አድርገው፣ በምትኩ ለመያዣ ተብሎ የተሠራውን ጠንካራ ብረት ኮንክሪት ወይም የተሞላ ብሎኬት ላይ ያስተክሉላቸው። ከፎጣው በፊት መገጠም ያለበት እሱ ነው።